«ጥሩ ነው፣ ላከው»፦ ሻጭን ለማኝ የሚያስመስል ይሉኝታ

በየመሥሪያ ቤቱ በየቀኑ የሚደጋገም ነገር ነው። አንዱ ሠራተኛ ለማያውቀው ድርጅት ኢሜይል ይጽፋል። ከመላኩ በፊት ስክሪኑን ወደ ጎረቤቱ ያዞርና «እስኪ እይልኝ» ይላል። ባልደረባው ሁለት ደቂቃ ያነባል። አንዲት «ሀ» በ«ሐ» ይቀይራል፤ «ድርጅታችሁ» የሚለውን «የተከበረው ድርጅትዎ» ያደርጋል፤ ከዚያ «ጥሩ ነው፣ ላከው» ይላል። ኢሜይሉ ይላካል። መልስ አይመጣም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥፋቱ ወደ ተቀባዩ ይዞራል፦ «አዲስ አበባ ያሉት ለገጠር ሰው መች ይመልሳሉ!»

አንዳንዴ ተቀባዩም ጥፋተኛ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው «ጥሩ ነው፣ ላከው» የተባለ ጊዜ ነው። ረቂቅ እንዲያይ የተጠየቀ ባልደረባ የተጠየቀው የማያውቀውን ተቀባይ ሆኖ እንዲያነብ ነው። እሱ ግን የጓደኛውን ፊት እያየ ያነባል። ይሉኝታው ደግነት ይመስላል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ቢሮው ውስጥ የሌለ ሰው ነው፤ ማሩ፣ ቡናው ወይም ሰሊጡ ገዢ ሳያገኝ የሚከርምበት የማኅበሩ አባል።

ጉዳዩ ዛሬ የባሰበት ምክንያት አለ። በጥር 2017 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ በትልልቅ ድርጅቶች በኩል ገንዘብና ገበያ ያገኙ የነበሩ ትንንሽ ማኅበራት መካከለኛቸውን አጡ። ያ መካከለኛ ለውጭው ሰው የሚጻፈውን ሁሉ ይጽፍላቸው ነበር። አሁን ለማያውቁት ሰው ራሳቸው መጻፍ አለባቸው። የሚጽፉት ግን ለእርዳታ ሪፖርት በለመዱት ቋንቋ ነው፤ የሚያርማቸውም ያንኑ ቋንቋ የለመደ ባልደረባ ነው።

🔹 *አንድ ረቂቅ ከወንበራ*

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ማኅበሩና ረቂቁ ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጁ ናቸው፤ ቦታው ግን እውነተኛ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የወንበራ ወረዳ ከተማ ደብረ ዘይት ትባላለች። እዚያ 62 አባላት ያሉት የንብ አርቢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ እንበል። 140 ዘመናዊ ቀፎ አለው። ከኅዳሩ ቆረጣ 1,800 ኪሎ ማር ይጠብቃል። የማኅበሩ የገበያ ሠራተኛ አዲስ አበባ ውስጥ ማር አጣርቶ ወደ ውጭ ለሚልክ ድርጅት እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ርዕሰ ጉዳይ፦ ትብብርን ይመለከታል

ማኅበራችን በደብረ ዘይት ከተማ የተቋቋመ ሲሆን፣ የአባላቱን ኑሮ ለማሻሻል ዘርፈ ብዙ ሥራዎችን እየሠራ ይገኛል። በአሁኑ ወቅትም ከፍተኛ ጥራት ያለው ንጹህ የተፈጥሮ ማር በስፋት በማምረት በርካታ ቤተሰቦችን ተጠቃሚ አድርጓል። በመሆኑም የተከበረው ድርጅትዎ እንደ ሌሎች አጋሮቻችን ሁሉ አስፈላጊውን ትብብር ያደርግልን ዘንድ በትህትና እንጠይቃለን። ዝርዝሩን ከአባሪው ይመልከቱ። ከታላቅ ሰላምታ ጋር።»

አባሪው ማኅተም የተደረገበት፣ በስካነር የተነሣ ባለ አራት ገጽ ፒዲኤፍ ነው። የማሩ መጠን ያለው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው።

ረቂቁን ያየችው የማኅበሩ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ፊደሉን አስተካከለች፣ ሰላምታውን አሳመረች፣ «ጥሩ ነው፣ ላከው» አለች። ሰነፍ ሆና አይደለም። በቀን ሃያ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ታያለች፤ ሁሉም ይህንኑ ይመስላሉ።

አሁን ይኸው ኢሜይል አዲስ አበባ ለሚኖር፣ ስለ ማኅበሩ ምንም ለማያውቅ ዘመድ ይሰጥ። ስልኩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ የገባውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገር። የሚለው ይህን ነው፦ «ቢሾፍቱ ያለ ማኅበር እርዳታ እየጠየቀ ነው።»

አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ስህተት። ማኅበሩ ቢሾፍቱ አይደለም። እርዳታም እየጠየቀ አይደለም፤ ማር እየሸጠ ነው። ስህተቱ ግን የአንባቢው አይደለም። ረቂቁ ውስጥ ያለው ያ ብቻ ነው።

🔹 *ግልጽነት፦ የሚያውቅ ሰው የማያየው ቀዳዳ*

ቢሾፍቱ ለብዙ ዘመን ደብረ ዘይት ስትባል ኖራለች፤ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ዛሬም በዚያው ስም ይጠራታል። ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። «ደብረ ዘይት» ብቻ ብሎ ለአዲስ አበባ ሰው የሚጽፍ የወንበራ ማኅበር ራሱን ከመተከል ነቅሎ ሐይቆቹ ዳር ተከለ ማለት ነው። አሶሳ ለሚሠራ የክልል ባለሙያ ቢጻፍ ኖሮ ችግር አልነበረውም። ለወንበራ ሰው ደግሞ ጨርሶ ጥያቄ አይሆንም።

የሂሳብ ሠራተኛዋ ያላየችውም ለዚህ ነው። እሷ ደብረ ዘይት ውስጥ ተቀምጣ «ደብረ ዘይት» የሚለውን ስታነብ የራሷ ከተማ እንጂ ሌላ አይታያትም። «ግልጽ ነው ወይ?» ተብላ ብትጠየቅ ከልቧ «አዎ» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ለእሷ ግልጽ ነው።

ስለዚህ «ግልጽ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ማረሚያ ውስጥ ቦታ የለውም። የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ «አዎ» የሚልበት ጥያቄ ምንም አይፈትሽም። ጥያቄው ወደሚቆጠርና ወደሚታይ ነገር መለወጥ አለበት። ቦታው ከክልል እስከ ከተማ ተጽፏል? ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ በጣት ሊጠቆም የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ? ያ ዓረፍተ ነገር አባሪ ሳይከፈት ይታያል?

በዚህ መስፈሪያ ረቂቁ ሦስቱንም ይወድቃል። ክልልና ወረዳ የለውም። ጥያቄው «አስፈላጊውን ትብብር» ነው፤ አስፈላጊው ምን እንደሆነ እንዲገምት የተተወው ተቀባዩ ነው። ቁም ነገሩ ደግሞ ስካን ተደርጎ አባሪ ውስጥ ተቀብሯል። ማኅተም ያለበት ወረቀት በመዝገብ ቤት በኩል ሲሄድ ክብደት አለው። ኢሜይል ላይ ግን ያ ወረቀት በስልክ ለመክፈት የሚያስቸግር ፋይል ነው፤ የማያውቁትን ላኪ አባሪ መክፈት የሚፈራም ብዙ ነው። ኢሜይሉ ራሱ ደብዳቤው መሆን አለበት። ማኅተሙ ከዚያ በኋላ ሲጠየቅ ይላካል።

🔹 *አግባብነት፦ «እንደ ሌሎች አጋሮቻችን ሁሉ»*

ረቂቁ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያጋልጠው ሐረግ ይህ ነው። ተቀባዩ ይህን ሲያነብ ደብዳቤው ለአርባ ሰው እንደተላከ ያውቃል። ለአርባ ሰው የተላከን ጥያቄ ደግሞ ሠላሳ ዘጠኙ ይመልሱታል ብሎ መተው የሰው ጠባይ ነው።

ማር ላኪ ድርጅት የማኅበሩን «ዘርፈ ብዙ ሥራ» ማወቅ አይፈልግም። «ተጠቃሚ» የሚለውም ቃል የእሱ አይደለም፤ የእርዳታ ሪፖርት ቃል ነው። ለጋሽ «ስንት ቤተሰብ ተጠቀመ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ገዢ «ስንት ኪሎ፣ መቼ፣ የት?» ብሎ ይጠይቃል። ለገዢ በለጋሽ ቋንቋ የሚጻፍ ደብዳቤ ሻጩን ለማኝ ያስመስለዋል። ለማኝ የመሰለ ሻጭ ደግሞ፣ ደግ ሰው ቢያጋጥመው እንኳ የሚያገኘው ምጽዋት ነው፤ ዋጋ አያገኝም።

አራሚው እዚህ ላይ አንድ ቀላል ፈተና አለው። የተቀባዩን ስም ሸፍኖ ደብዳቤውን ያነባል። ደብዳቤው ለባንክ፣ ለቆዳ ፋብሪካና ለሕፃናት መርጃ ሳይለወጥ ሊላክ የሚችል ከሆነ ለማር ላኪው አልተጻፈም። መድኃኒቱ «ታዋቂው ድርጅትዎ» ብሎ ማሞገስ አይደለም፤ ሙገሳም ለማንም ይላካል። መድኃኒቱ ተቀባዩ በሥራው የሚያስፈልገውን አንድ ነገር መጥቀስ ነው። ላኪው በማር ወራት የሚገዛው ማር ይፈልጋል፤ ማኅበሩ በኅዳር ያለው ይህ ነው። ከዚህ የበለጠ ማዛመጃ አያስፈልግም።

🔹 *ተአማኒነት፦ ንጹህ ነው የማይል ማር ሻጭ የለም*

«ከፍተኛ ጥራት ያለው ንጹህ የተፈጥሮ ማር» ይላል ረቂቁ። ስኳር የቀላቀለውም እንዲሁ ይላል። ሐቀኛውም አጭበርባሪውም እኩል ሊጽፉት የሚችሉት ቃል ለሐቀኛው ምስክር አይሆነውም። አራሚው ቅጽል ባየ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ይህን ቃል አውጥተን የተለካ ነገር በቦታው ማስገባት እንችላለን?

ለማር የሚለካ ነገር አለ። የመጀመሪያው እርጥበት ነው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የማር እርጥበት በጥቅሉ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ማሩ በማከማቻ ውስጥ መፍላት ሊጀምር ይችላል። ለጠጅ የሚገዛ ነጋዴ ይህ አያስጨንቀውም፤ ጠጁ መፍላቱ አይቀርም። ለውጭ ገበያ የሚያሽግ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። መለኪያው ሪፍራክቶሜትር የሚባል በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው፤ ጥቂት ጠብታ ማር ይበቃዋል። ንቦቹ የእንጀራውን ዓይን በሰም ሳይከድኑት የተቆረጠ ማር እርጥበቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ «18.6 በመቶ» ብሎ የጻፈ ማኅበር ቁጥር ብቻ አልጻፈም። መቼ መቁረጥ እንዳለበት የሚያውቅ መሆኑንም ተናግሯል።

እዚህ ላይ የአራሚው ሥራ አንዳንዴ ከወረቀቱ ይወጣል። ባልደረባው «አልለካንም» ቢል መልሱ የተሻለ ቅጽል መፈለግ አይደለም። ኢሜይሉ ይቆይ፤ ማሩ ይለካ። ያልተለካን ማር የትኛውም አራሚ በሰዋስው አያድነውም። የማረሚያ ዝርዝር አቅሙ እስከዚህ ድረስ ነው፤ የሌለውን መረጃ ከየትም አያመጣም፤ የሌለ መሆኑን ግን ከመላኩ በፊት ያሳያል።

ሁለተኛው የተአማኒነት ጉዳይ ረቂቁ ጨርሶ ያልነካው ነው። የመተከል ስም አዲስ አበባ ሲሰማ መጀመሪያ የሚታወሰው ማር አይደለም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም በዞኑ የደረሰው ግድያና መፈናቀል፣ ቻግኒ ራንች ላይ የተጠለለው ሕዝብ ከማንም አእምሮ አልጠፋም። ገዢው «ወንበራ፣ መተከል» የሚለውን እንዳነበበ የሚጠይቀው «መኪናዬ ሄዶ ይመለሳል?» የሚል ነው። ጥያቄውን ግን ጽፎ አይልክም። ኢሜይሉን ዝም ብሎ ይዘጋዋል።

«ታዲያ ደብረ ዘይት ብለን ብቻ ብንተወው አይሻልም?» የሚል ብልጥ አይጠፋም። አይሻልም። የመጀመሪያው የስልክ ንግግር ላይ ቦታው መታወቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ማኅበሩ የደበቀ ይሆናል፤ የተደበቀ ነገር ያገኘ ገዢ ደግሞ እርጥበቱንም አያምን። ትክክለኛው መንገድ ስጋቱን ራስ አንስቶ መፍትሔ ማስቀመጥ ነው። ለምሳሌ ማኅበሩ ማሩን በራሱ ትራንስፖርት ቻግኒ ድረስ አምጥቶ ለማስረከብ ከቻለ፣ ይህን አንድ መስመር መጻፍ ከአሥር መስመር ሙገሳ ይበልጣል። ካልቻለም አይጻፍ። ቃል የተገባበት ቀን መኪናው ሳይመጣ ቢቀር ሁለተኛ ኢሜይል የሚያነብ የለም።

ሦስተኛው የሚጣራ ነገር ነው። አጭበርባሪ በበዛበት ዘመን ተቀባዩ ላኪው በእርግጥ መኖሩን በአንድ የስልክ ጥሪ ማረጋገጥ መቻል አለበት። የማኅበሩ የምዝገባ ቁጥር፣ በሥራ ሰዓት የሚነሣ ስልክ፣ እንዲሁም ማኅበሩን የሚያውቀው የወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ቢጠቀሱ ይበቃል። አራሚውም ስልኩ ላይ ራሱ ይደውል። ቁጥር የተሳሳተበት ደብዳቤ፣ ወይም የተጠቀሰው ሰው «እኔ ስለዚህ የማውቀው የለም» የሚልበት ደብዳቤ፣ ባይጻፍ ይሻል ነበር።

🔹 *እንዴት ይታረም?*

ከላይ ያለው ሁሉ በስምንት ጥያቄ ይጠቃለላል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ግማሽ ገጽ ነው።

ግልጽነት
1. ቦታውን የማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ አንብቦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን አለ?
2. ቦታው ከክልል እስከ ከተማ ተጽፏል?
3. የተጠየቀው ነገር አንድ ነው? አባሪ ሳይከፈት ይታያል?

አግባብነት
4. የተቀባዩ ስም ቢሸፈን ደብዳቤው ለሌላ ድርጅት ይሆናል? ከሆነ አልተጻፈም።
5. ተቀባዩ ለሥራው የሚፈልገው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች አለ?

ተአማኒነት
6. የትኛው ቅጽል በተለካ ነገር ሊተካ ይችላል?
7. ተቀባዩ የሚፈራው ነገር ምንድን ነው? መልሱ ተጽፏል?
8. ማጣራት ቢፈልግ ለማን ይደውላል? ተደውሎ ተሞክሯል?

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚመለሰው ከሁሉ በፊት ነው፤ ጸሐፊው ምንም ሳያብራራ። «ማለት የፈለግኩት እኮ…» ከተባለ በኋላ አራሚው እንግዳ መሆኑ ያበቃል። ተቀባዩ ዘንድ ጸሐፊው አጠገብ ቆሞ አያብራራም። የሚቻል ከሆነ ይህችን አንዲት ጥያቄ ከቢሮው ውጭ ያለ ሰው ይመልሳት፤ ሌሎቹን ባልደረባ ይመልሳል።

አራሚው ደግሞ ደብዳቤውን በራሱ አጻጻፍ እንደገና መጻፍ የለበትም። ይህ የብዙ አለቆች በሽታ ነው፤ ረቂቅ ይቀበላሉ፣ ቀይ በቀይ ያደርጉታል፣ ጸሐፊው ከዚያ ወዲያ ምንም አያስብም፤ «ለነገሩ እሳቸው ይለውጡታል» ይላል። አራሚው ከስምንቱ የወደቀውን ቁጥር ይጻፍ፣ ምን እንደጎደለ በአንድ መስመር ይናገር፣ ማስተካከሉን ለጸሐፊው ይተው። «4፦ ለማንም ይሆናል። 6፦ እርጥበቱ ስንት ነው?» በቂ ነው። «አልጣመኝም» ግን እርማት አይደለም፤ ጸሐፊው ምንም ሊያደርግበት አይችልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያ ረቂቅ እንዲህ ይሆናል፦

«ርዕሰ ጉዳይ፦ 1,800 ኪሎ ማር በኅዳር፣ ከወንበራ፤ ናሙና እንላክልዎ?

እኛ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን፣ ወንበራ ወረዳ፣ ደብረ ዘይት ከተማ ያለን 62 ንብ አርቢዎች ነን። ከዘመናዊ ቀፎ የተቆረጠ 1,800 ኪሎ ማር በኅዳር ወር ለሽያጭ እናቀርባለን። ባለፈው ቆረጣ የማራችን እርጥበት 18.6 በመቶ ነበር። በ25 ኪሎ ባልዲ አሽገን ቻግኒ ድረስ እናስረክባለን፤ መኪናዎ ወደ ወንበራ መምጣት አያስፈልገውም።

አንድ ኪሎ ናሙና በነጻ ልንልክልዎ እንፈልጋለን። በየትኛው አድራሻ እንላክ?

ስለ ማኅበራችን የወንበራ ወረዳ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤትን መጠየቅ ይችላሉ።»

ከሥሩ ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ የምዝገባ ቁጥርና ስልክ ይከተላል። «በትህትና» የሚል ቃል የለበትም፤ ትሁት ያልሆነ ግን አይደለም። የተጠየቀው ነገር ትንሽ ነው፤ አንድ አድራሻ። ተቀባዩ ስልኩ ላይ እያለ በአንድ መስመር ሊመልሰው ይችላል። ለ«አስፈላጊው ትብብር» ግን ስብሰባ ሳይጠራ መልስ የሚሰጥ ድርጅት የለም።

🔹 *ሦስት ማምለጫዎች*

ይህ ሁሉ ሲባል ሦስት መልሶች ይሰማሉ።

የመጀመሪያው «ይህ ለጀማሪ ነው፤ የልምድ ሰው በዝርዝር አይመራም» የሚል ነው። የአብራሪ የማረሚያ ዝርዝር የመጣው ከልምድ ሰው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የቦይንግ አዲስ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በሙከራ በረራ ላይ ወድቆ ሁለት ሰው ሞተ። መሪውን የያዘው ልምድ ያካበተ የሙከራ አብራሪ ነበር። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ መቆጣጠሪያውን የሚይዘው ቁልፍ ሳይከፈት ነበር የተነሣው። ከዚያ በኋላ አብራሪዎች ከመነሣት በፊት የሚነበብ ዝርዝር ይዘው መብረር ጀመሩ። በሌላኛው ደብረ ዘይት፣ ቢሾፍቱ ካለው የአየር ኃይል ጣቢያ የሚነሣ አብራሪም ዝርዝሩን ሲያነብ ጀማሪ ነህ የሚለው የለም።

ሁለተኛው «የባልደረባን ሥራ እንዲህ መበርበር መዳፈር ነው፤ በተለይ በዕድሜ የሚበልጥ ከሆነ» የሚል ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ የቢሮ ቅያሜ እስከ ዕድርና ማኅበር ይከተላል። የተጻፈ ዝርዝር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። «ጋሼ፣ ይህ አልገባኝም» ማለት የሚከብዳት ወጣት «ጋሼ፣ ሰባተኛው ላይ ምን እንበል?» ማለት አይከብዳትም። ጠያቂው ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ነው። ደንቡ ለሁሉም እኩል ከሆነ፣ የሥራ አስኪያጁ ኢሜይል ጭምር በእሱ ካለፈ፣ የሚዋረድ የለም። የሥራ አስኪያጁ ኢሜይል ካላለፈበት ግን ዝርዝሩ በሳምንቱ ይሞታል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፦ «እዚህ አገር ሥራ የሚሄደው በትውውቅ ነው፤ ለኢሜይል ማን ይመልሳል?» ብዙ እውነት አለበት። ስልክ ከኢሜይል ይቀድማል፤ የሚያውቁት ሰው ከማያውቁት ይሻላል። ግን ያ የሚታወቀው ሰው ምን ያደርጋል? «ጽፋችሁ ላኩልኝና ለሚመለከተው አስተላልፋለሁ» ይላል። የሚያስተላልፈው ያንኑ ኢሜይል ነው። ባለጉዳዩ ዘንድ ሲደርስ ትውውቁ ከኋላ ቀርቷል፤ የቀረበው ጽሑፉ ብቻ ነው። ዘመድ በሩን ቢከፍትም «ቢሾፍቱ ያለ ማኅበር እርዳታ ይፈልጋል» የሚል ወረቀት ይዞ የገባ ሰው የማር ገዢ ይዞ አይወጣም። ዘመድ የሌለው ማኅበር ደግሞ፣ የወንበራውም ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል፣ ከጽሑፉ በቀር የሚቀድምለት የለም። «በትውውቅ ነው» እያለ ረቂቅ ሳያይ የሚያሳልፍ ሰው የሚጎዳው ትውውቅ የሌለውን ነው።

መልስ አለመምጣቱ ሁልጊዜ የደብዳቤው ጥፋት አይደለም። ገዢው በቂ ማር ሊኖረው ይችላል፤ ዋጋው ላይስማማ ይችላል። በደንብ የታረመ ኢሜይልም «አንፈልግም» ሊባል ይችላል። ልዩነቱ ያን ጊዜ ማኅበሩ ማሩ እንዳልተፈለገ ያውቃል፤ ለሌላ ገዢ ይጽፋል። ባልታረመው ግን እምቢ የተባለው ማሩ ይሁን ደብዳቤው ማንም አያውቅም። አባላቱም የዓመት ልፋታቸውን መንደር ድረስ መጥቶ በገመተው ዋጋ ለሚወስድ ነጋዴ ይሰጣሉ። ሒሳቡን የያዘችው ያቺው የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ በዓመቱ መጨረሻ ጉድለቱን የምትጽፈውም እሷ ናት።

የማኅበራትና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ከነገ ጀምሮ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር ነው። ለማያውቁት ሰው የሚሄድ ኢሜይል ሁሉ ከመላኩ በፊት አንድ ሌላ ሰው «የገባኝ ይህ ነው» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍበት። ያ ዓረፍተ ነገር ጸሐፊው ሊል ከፈለገው ጋር ካልገጠመ ኢሜይሉ አይሂድ። በጀት አያስፈልገውም፣ ሥልጠና አያስፈልገውም፤ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። የሚያስፈልገው «ጥሩ ነው፣ ላከው» ከማለት ይልቅ «አልገባኝም» የማለት ድፍረት ነው።